ልጅ ወድቆ ጭንቅላቱን ሲመታ ለወላጅ ምን ይነገራል፣ ምንስ ይቀራል? ለመዋዕለ ሕፃናት መምህራን የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆኑ ልጆችን ለሚያስተምሩ መምህራንና ረዳቶቻቸው የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚመለከተውም አንድ ሁኔታ ብቻ ነው። ልጁ በእረፍት ሰዓት ከሸርተቴ፣ ከዥዋዥዌ ወይም ከመወጣጫ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቷል፤ ጥቂት አልቅሶ ተረጋግቷል፤ ላየው ሰው ደኅና ይመስላል። እጁ የተሰበረ ልጅ ጉዳይ ብዙ አያማክርም፤ ጉዳቱን ሁሉም ሰው ስለሚያየው የሚደበቅም የሚጋነንም ነገር የለውም። ጉልበቱ የተላጠ ልጅም ሁለት ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ግን የተለየ ነው፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ፣ ምናልባትም ሌሊት ቤቱ ሳለ ሊመጣ ስለሚችል፣ በዚያን ሰዓት እናቱም ሐኪሙም በእጃቸው የሚኖረው መረጃ መምህሩ ቀን የተናገረው ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ልጁ ለጊዜው ትምህርት ቤት ሊቆይ የሚችል ሲሆን ነው። ለአፍታም ቢሆን ራሱን የሳተ፣ የተንቀጠቀጠ፣ ደጋግሞ ያስታወከ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውኃ መሰል ፈሳሽ የወጣው፣ የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው የሰፋ፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ ንግግሩ የተዘበራረቀ ወይም አንድ ወገኑ የደከመ ልጅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። አንገቱን የሚያመው ልጅ ደግሞ አምቡላንስ እስኪደርስ ካለበት አይነቃነቅም። በእነዚህ ሁኔታዎች ለወላጅ የሚነገረው አጭር ነው፦ ልጁ ወድቆ ጭንቅላቱን መመታቱ፣ ምን ምልክት እንደታየበት፣ ማን ይዞት እንደሚሄድና ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚወሰድ። የሆስፒታሉን ስም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን በተለያየ አቅጣጫ ስለሚገኙ፣ «ሆስፒታል እየወሰድናት ነው» ብቻ የተባለ አባት ወደ አንዱ ሄዶ ልጁን በሌላኛው ሊያጣት ይችላል።

አሠራሩን በተጨባጭ ለማሳየት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ እንከተላለን። በኅዳር ወር፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ የኬጂ 2 ተማሪ የሆነች የ5 ዓመት ልጅ ከሸርተቴው መሰላል ላይ ወደቀች። በግንባሯ ግራ በኩል አብጧል፤ ቀኝ ጉልበቷም ተልጧል።

1. ማንንም ከማነጋገር በፊት ያዩትን ይጻፉ

ልጅቷ ከተረጋጋችና እብጠቱ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ከተደረገ በኋላ፣ አንድ ሰው አጠገቧ ይቀመጥና መምህርቷ ደብተር ትያዝ። መጻፉ ከ10 ደቂቃ በላይ ሊዘገይ አይገባም፤ ምክንያቱም የሥራ ባልደረቦች ከተሰባሰቡና «እንዴት ወደቀች?» የሚለው ወሬ ከተጀመረ በኋላ፣ መምህርቷ በዓይኗ ያየችውን ከሌሎች ከሰማችው ለይታ ለማስታወስ ትቸገራለች። ገጹን በሁለት መስመር ለሦስት መክፈል ይበቃል፤ በአንደኛው ወገን ያየሁት፣ በሁለተኛው የተነገረኝ፣ በሦስተኛው የገመትኩት ይባላል።

የምሳሌያችን መምህርት ደብተር ላይ የሰፈረው የሚከተለው ነው። ያየችው፦ ልጅቷ ከመሰላሉ ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ፤ የግራ ግንባሯ ቀልቶ እብጠቱ ሲጀምር፤ ጉልበቷ ተልጦ ጥቂት ደም ሲወጣ፤ ሱሪዋ በሽንት ረጥቦ፤ ስሟንና የመምህርቷን ስም ስትጠየቅ በትክክል ስትመልስ፤ ተነሥታ ያለ ድጋፍ ወደ ክፍል ስትሄድ። የተነገራት፦ ሁለት ልጆች አንድ ወንድ ልጅ ገፋት ብለዋል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ጉልበቷ ላይ የቡና ዱቄት እንዳደረገችላት ተናግራለች። የገመተችው፦ ከሦስተኛው መርገጫ ሳትወድቅ አልቀረችም፤ የፕላስቲክ ጫማዋ ሰፊ ስለሆነ አዳልጧት ይሆናል፤ ደንግጣ ነው እንጂ ለክፉ አይሰጥም።

ከፍታው በኋላ በሜትር ሲለካ ሦስተኛው መርገጫ ከመሬት 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከመሰላሉ ሥር የነበረው አሸዋ በክረምቱ ዝናብ ታጥቦ ስላለቀ መሬቱ የተጠቀጠቀ አፈር ነበር።

2. እያንዳንዱን ነገር በሁለት ጥያቄ ይመዝኑ

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ወላጅ ወይም ሐኪም ይህን ቢያውቅ ዛሬና ዛሬ ማታ የሚያደርገው ነገር ይለወጣል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ይነገራል፤ ለመናገር የሚያሳፍር ወይም ትምህርት ቤቱን የሚያስወቅስ መሆኑ ሚዛኑን አይለውጠውም። አይደለም ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፦ ወላጅ ይህን ነገ ከሌላ ሰው ቢሰማው «ደበቁኝ» ይላል ወይ? አዎ ከሆነ አሁንም ይነገራል። በሁለቱም ጥያቄ አይደለም የተባለ ነገር ከወላጅ መልእክት ይወጣል፤ በደብተሩ ላይ ግን ይቆያል። ከመልእክት ማውጣትና ከመዝገብ መሰረዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከመዝገብ ምንም አይሰረዝም።

በዚህ ሚዛን ከፍታውና የመሬቱ ጥንካሬ ያለ ክርክር ይነገራሉ፤ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ናቸው። አሸዋው ለምን እንዳልተተካ፣ ማን መቼ እንደጠየቀና ማን እንዳልፈቀደ ግን በመጀመሪያው ስልክ የሚነሣ ጉዳይ አይደለም፤ ለርእሰ መምህሩ የሚቀርብ ነው። ወላጅ ራሷ «ሥሩ አሸዋ አልነበረም እንዴ?» ብላ ከጠየቀች የሚሰጣት መልስ «አልነበረም፤ ታጥቦ አልቆ ነበር» የሚል ብቻ ነው።

መምህራን አብዝተው የሚዘሉት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም አደጋውን ያየ አዋቂ አለመኖሩ ነው። በምሳሌያችን መምህርቷ ሌላ ልጅ እየረዳች ስለነበር ልቅሶ ሰምታ ስትዞር ልጅቷ ተቀምጣ ነበር። «ራሷን አልሳተችም» ብሎ መናገር የሚችለው ሲወድቅ ያየ ሰው ብቻ ነው። በመውደቋና በማልቀሷ መካከል አፍታ ይለፍ ወይም ግማሽ ደቂቃ ይለፍ መምህርቷ አታውቅም፤ ሐኪም ደግሞ ልጅቷን ለመመርመር፣ ለማቆየት ወይም ወደ ቤት ለመስደድ ሲወስን ይህን ነጥብ ይመለከተዋል። ስለዚህ ትክክለኛው አነጋገር «ስትወድቅ አላየኋትም፤ ልቅሶዋን ሰምቼ ስዞር ተቀምጣ ነበር» የሚል ነው። ይህን መናገር ጥበቃው ላልቶ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል፤ ያም ቢሆን መነገር አለበት።

ሽንቱም እንዲሁ ነው። በእኛ አገር ልማድ እንዲህ ያለውን ነገር መሸፈን ለልጅቷ ክብር ማሰብ ነው፤ ረዳቷም ሱሪዋን በዝምታ ለውጣላት ያለፈችው በቅን ልቡና ነው። ነገር ግን ሽንት ማምለጥ ከድንጋጤ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ ራስን ከመሳት ወይም ከመንቀጥቀጥ ጋርም ሊመጣ ይችላል፤ በተለይ ውድቀቱን ያየ ሰው በሌለበት ጊዜ መረጃው ክብደት አለው። ስለዚህ ለእናት ወይም ለአባት በግል ይነገራል፤ በባጃጅ ሹፌሩ፣ በሌሎች ልጆች ወይም በር ላይ በቆሙ ወላጆች ፊት ግን አይነሣም።

የቡናው ዱቄትም የግድ መነገር አለበት። የሚደማ ቁስል ላይ ቡና ማድረግ ከእናቶቻችን የወረስነው ስለሆነ ሠራተኛዋን ማንም አይወቅሳትም፤ ሆኖም ቁስሉ በውኃና በሳሙና በደንብ መታጠብ አለበት፤ ወላጅም ዱቄቱን አይታ ቁስሉ የጠቆረ መስሏት እንዳትደነግጥ፣ ወይም ታጥቦ የነበረ መስሏት እንዳትተወው ማወቅ ይገባታል። ቁስሉ አፈር የነካው በመሆኑ የልጅቷ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የተሟላ መሆኑን ከክትባት ካርዷ እንዲያዩ መጠየቅም ተገቢ ነው። ትምህርት ቤቱ ማንኛውንም የሚዋጥ ወይም የሚቀባ መድኃኒት ሰጥቶ ከሆነ ስሙ፣ መጠኑና ሰዓቱ ይነገራል። ያለ ወላጅ ፈቃድ ምንም አለመስጠት ይሻላል፤ አስፕሪንማ ለልጅ ጨርሶ አይሰጥም።

ገፋት የተባለው ልጅ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ጥያቄ ቢመዘን ብዙ አያነሣም፤ ተገፍታ ወደቀችም አዳለጣትም የእብጠቱ እንክብካቤ ያው ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ግን ይነገራል፤ ልጅቷ ራት ላይ «ገፋኝ» ማለቷ አይቀርምና። የሚነገረው ግን በሰማነው ልክ ነው፦ «ሁለት ልጆች አንድ ተማሪ ገፋት ብለዋል፤ እኛ አላየንም፤ እያጣራን ነው።» የልጁ ስም፣ ሰፈሩ፣ የወላጆቹ ሥራ፣ «ያ ረባሹ» የሚል መጠሪያ፣ ማንነቱን የሚያስገምት ሌላ ፍንጭም ሁሉ ይቀራል። የባሕር ዳር ወላጆች በአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ዕድር፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ የሚኖሩ ስለሆኑ፣ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ሊገፋም ላይገፋም በሚችልበት ነገር ስሙ ከወጣ ነገሩ በልጆች መካከል አይቆምም። እናት ስሙን አጥብቃ ከጠየቀች መልሱ አንድ ነው፦ «ስሙን ለማንም ወላጅ አንናገርም፤ የእርስዎ ልጅም ሌላ ልጅ ገፋች ቢባል ስሟን ለሌላ ወላጅ አንሰጥም።» የልጁን ወላጆች ማነጋገር ካስፈለገ በሌላ ቀን፣ ለብቻቸውና የልጅቷን ስም ሳይጠሩ ይደረጋል።

ስለ ጫማዋ የተገመተው ከዛሬው መልእክት ይወጣል። ግምት ነው፤ እውነት ቢሆን እንኳ ዛሬ ሲነገር እናት የምትሰማው «ጥፋቱ የእርስዎ ነው» የሚል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነገራትን የአደጋ ምልክት በጥሞና አታዳምጥም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለ ጫማ መጠን ለብቻው ማንሣት ይቻላል። «ሁልጊዜ ትሮጣለች»፣ «ስንት ጊዜ ተናግረናታል» የሚሉትም ከዚሁ ጋር ይወድቃሉ። ጠዋት ስትመጣ ትኩሳት ወይም ድካም ነበራት ከተባለ ግን ይነገራል፤ ሐኪም ከመውደቅ በፊት የነበረውን ከመውደቅ በኋላ ከመጣው መለየት አለበት።

በመጨረሻ የሚወጣው «ለክፉ አይሰጥም» የሚለው ነው። ማጽናናት የሚፈልግ ሰው አፍ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው እርሱ ነው፤ ነገር ግን መምህርቷ ልትሰጠው የማትችለው የሐኪም ፍርድ ነው፤ የተባለውን ያመነች እናትም ማታ ልጇ ብታስታውክ «ምሳው ይሆናል» ብላ ልታልፍ ትችላለች። ማጽናኛው ልጅቷ አሁን የምታደርገውን መናገር ነው፤ ሥዕል እየሣለች ከሆነ ሥዕል እየሣለች ነው ይባላል።

3. ለማን፣ መቼና በምን እንደሚነገር

የሚደወለው ልጅቷ በተረጋጋች በ15 ደቂቃ ውስጥ ነው እንጂ ለመውጫ ሰዓት አይቆይም። ብዙ መምህራን «እናቷን ከሥራ ለምን አስደንግጣለሁ፣ ስትመጣ እነግራታለሁ» ይላሉ፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የምትመጣው እናት አይደለችም። ልጆቹን የሚወስደው የኮንትራት ባጃጅ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ታላቅ እኅት ወይም አያት ነው። በሹፌር የተላከ ቃል «ትንሽ ወድቃ ነበር» ሆኖ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይደርስም። ስለዚህ ስልኩ የሚደወለው በመዝገብ ላይ ላለው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲሆን፣ አንደኛው ካላነሣ ለሁለተኛው ይደወላል፤ የተደወለበት ሰዓትና ያላነሣው ሰውም ይመዘገባል። በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶም ሆነ ወሬ አይለጠፍም፤ «አንዲት ልጅ ወድቃ ነበር፣ ደኅና ናት» የሚል መልእክት እንኳ የሁሉንም ወላጅ ልብ አንጠልጥሎ፣ ለሚመለከታት እናት ግን ምንም አይነግራትም።

4. የስልኩ ቃል

በአገራችን ስልክ በረጅም ሰላምታ ይጀመራል። ከትምህርት ቤት በሥራ ሰዓት የተደወለላት እናት ግን «እንደምን አደሩ፣ ቤተሰብ ደኅና፣ ሥራ እንዴት ነው» እየተባለች ስትጠየቅ ልቧ ወዲያው ክፉውን ያስባል። ሰላምታው አንድ ቃል ይሁንና ቀጥሎ ልጅቷ ያለችበት ይነገር። የምሳሌያችን መምህርት 4 ሰዓት ከ40 ላይ የተናገረችው እንዲህ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ የልጅዎ መምህርት ነኝ። ልጅዎ አጠገቤ ተቀምጣ ውኃ እየጠጣች ነው። ከ20 ደቂቃ በፊት ከሸርተቴው መሰላል ላይ ወድቃ ግንባሯን ተመትታለች፤ በግራ በኩል አብጧል። ከፍታው ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ መሬቱም ጠንካራ ነው። ስትወድቅ አላየኋትም፤ ልቅሶዋን ሰምቼ ስዞር ተቀምጣ ነበር። ስሟን ጠይቄያት መልሳልኛለች፤ ብቻዋን ትራመዳለች፤ እስካሁን አላስታወከችም። አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ሱሪዋ ላይ ሽንት አምልጧት ነበር፤ ለውጠንላታል። ሐኪም ካያት ይህን ይንገሩት።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ያስፈልጋል። እናት ትጠይቅ፤ ታልቅስ፤ ትቆጣም ይሆናል። ከዚያ በኋላ መምህርቷ በተራዋ ትጠይቃለች፦ ልጅቷ የሚጥል በሽታ ወይም ደም ቶሎ ያለመርጋት ችግር አለባት ወይ? የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ? ዛሬ ጠዋት ሕመም ነበራት ወይ? ስለ ገፊው ልጅ፣ ስለ ጉልበቷና ስለ ቡናው የሚነገረው ከእነዚህ በኋላ ነው፤ ግፊያው ቀድሞ ከተነገረ የቀረው ንግግር ሁሉ ስለ ማን ገፋት ይሆናል።

ስልኩ የሚያበቃው በውሳኔ ነው፤ ውሳኔውም የወላጅ ነው። «አሁን መጥተው ሊወስዷትና ሐኪም ሊያሳዩአት ይችላሉ፤ ከእኛ ጋር ትቆይ ካሉም አጠገቧ ሰው ይኖራል፤ ለውጥ ካየን ወዲያው እንደውላለን። የቱን ይመርጣሉ?» ይባላል። ውድቀቱን ያየ ሰው ባለመኖሩና ሽንት ስላመለጣት፣ መምህርቷ በዚህ ጉዳይ «ዛሬውኑ ሐኪም ቢያያት ጥሩ ነው» ማለቷም ተገቢ ነበር፤ ይህም ለክፉ አይሰጥም ከማለት የተለየ ነው፤ ፍርዱን ለሚገባው ሰው ማስተላለፍ ነውና። በምሳሌያችን እናት ከቢሮ መውጣት ስላልቻለች እስከ 9 ሰዓት ተኩል ትቆይ፣ ማታ ክሊኒክ እወስዳታለሁ ብላ ወሰነች። ውሳኔዋ በራሷ ቃልና በሰዓቱ ተመዘገበ።

5. የሚላከው ጽሑፍ

ጽሑፉ የስልኩ ግልባጭ አይደለም። ስልኩን ያላነጋገረ አባት፣ ሌሊት በር የተንኳኳበት ሐኪም ወይም አያት ሊያነብቡት ስለሚችሉ፣ ያለ ማብራሪያ ራሱን ችሎ ሊነበብ ይገባል። በመገናኛ ደብተሩ ውስጥ ሌላ ሰው ስለሚያገላብጠው በታሸገ ወረቀት መላክ ይሻላል። የምሳሌያችን ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ልጅዎ ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ገደማ ከሸርተቴ መሰላል፣ ከ1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ፣ ጠንካራ አፈር ላይ ወድቃለች። ስትወድቅ ያየ አዋቂ የለም። ልጆች አንድ ተማሪ ገፋት ብለዋል፤ አልተረጋገጠም። ግራ ግንባሯ አብጧል፤ ቀኝ ጉልበቷ ተልጧል። ሽንት አምልጧታል። ወዲያው ስንጠይቃት በትክክል መልሳለች፤ ብቻዋን ተራምዳለች። ግንባሯ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ተደርጓል፤ ጉልበቷ ላይ የቡና ዱቄት ተደርጎ በኋላ በውኃና በሳሙና ታጥቧል። መድኃኒት አልተሰጣትም። ከ6 ሰዓት ከ45 እስከ 7 ሰዓት ከ45 እንደ ወትሮዋ ተኝታለች፤ በመሀል ሁለት ጊዜ ስንቀሰቅሳት በቀላሉ ነቅታለች። እስከ 9 ሰዓት ተኩል አላስታወከችም።

ከዛሬ እስከ ነገ ወዲያ በደንብ ይከታተሏት። መተኛት ትችላለች፤ ዛሬ ሌሊት ግን ሁለት ጊዜ ያህል ቀስቅሰው እንደምትነቃ ይዩ። ደጋግማ ካስታወከች፣ ራስ ምታቷ ከበረታ፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረች፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ከተንገዳገደች፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ ወይም ከጆሮዋ ወይም ከአፍንጫዋ ፈሳሽ ከወጣ ሳይነጋ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ ይህን ወረቀትም ይያዙ።»

ስለ እንቅልፏ የተጻፈው መስመር ጥቃቅን ቢመስልም እጅግ የሚጠቅም ነው። እንቅልፍ መጫን የአደጋ ምልክት ነው፤ የ5 ዓመት ልጅ ከምሳ በኋላ መተኛቷ ደግሞ የተለመደ ነው። «ተኝታ ነበር» ብቻ የተባለ ሐኪም ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። የወትሮዋ ሰዓት መሆኑና ስትቀሰቀስ በቀላሉ መንቃቷ አብሮ ከተጻፈ ግን ይለየዋል።

ወረቀቱን የጻፈው ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርማል፤ አንድ ቅጂ ትምህርት ቤት ይቀራል።

6. ልጅቷን ለሚወስደው ሰው

ለባጃጅ ሹፌሩ የሚነገረው ለመንገዱ የሚያስፈልገው ብቻ ነው፦ ጭንቅላቷን ስለተመታች መሀል ትቀመጥ፤ መንገድ ላይ ካስታወከች ወይም አልነቃ ካለች ቆመህ ለእናቷና ለእኛ ደውል፤ በር ላይ ጥለሃት አትሂድ፣ ለአዋቂ ሰው አስረክብ። ስለ ሽንቱ፣ ስለ ገፊውና ስለ አሸዋው ለእርሱ የሚነገር የለም። ሹፌሩ ሲወጣ ለእናት «ተነሥታለች፣ ወረቀቱ በቦርሳዋ የፊት ኪስ ውስጥ ነው» ተብሎ ይደወላል።

7. በኋላ የተሰማ አዲስ ነገር

መዝገቡ ከተጻፈ በኋላ አዲስ ነገር መሰማቱ የተለመደ ነው። በምሳሌያችን በማግስቱ ጠዋት የሌላ ክፍል ረዳት «እኔስ ከመስኮት አይቻት ነበር፤ ወድቃ ጥቂት ጊዜ ሳትነቃነቅ ተጋድማ ነበር፣ ከዚያ ነው ተነሥታ ያለቀሰችው» አለች። ልጅቷ በዚያን ሰዓት በሰልፉ ላይ እየዘለለች ነበር፤ እናቷም ማታ ክሊኒክ ወስዳት ደኅና ናት ተብላ ተመልሳለች። እዚህ ላይ ያለው ፈተና ነገሩ አልፏል ብሎ መተው ነው፤ ዝም ማለቱ ለልጅቷም ለትምህርት ቤቱም ሰላም የሚሰጥ ይመስላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን አሁንም ይሠራል፤ ክሊኒኩ ልጅቷን ያየው «ራሷን ስታ እንደሆነ ያየ የለም» ተብሎ ነው፤ ሳትነቃነቅ ተጋድማ ነበር የሚል መረጃ ቢኖረው ተጨማሪ ምርመራ ያዝላት ወይም ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያት ነበር ይሆናል። ክትትሉም ገና አላበቃም።

ስለዚህ ረዳቷ ያየችውን በራሷ እጅ ትጽፋለች፤ ያየችበት ቦታ፣ ርቀቱና ጊዜው በግምት መሆኑ ይጠቀሳል። የትናንቱ ጽሑፍ አይነካም፣ አይደለዝም፤ ከሥሩ አዲሱ በቀንና በሰዓት ይታከላል። ከዚያም የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይጀመር ለእናት ይደወላል፦ «ልጅዎ ሰልፍ ላይ ናት፣ ደኅና ናት። ትናንት የማናውቀው አንድ ነገር ዛሬ ተሰምቷል፤ አንዲት ረዳት ከሩቅ ሆና አይታት ነበር፣ ከወደቀች በኋላ ጥቂት ጊዜ ሳትነቃነቅ ተጋድማ ነበር ብላለች። ትናንት ላያት ሐኪም ይህን ይንገሩት፤ ወረቀቱን አሁን ጽፈን እናቆይልዎታለን።»